ከጂም በኋላ ያለችው ግማሽ ሰዓት

ጂም የሚሄድ ሰው ሁሉ የሰማው ነገር ነው፤ ብረቱን ካስቀመጡ በኋላ በ30 ደቂቃ ውስጥ ፕሮቲን ካልወሰዱ ልፋቱ ውኃ በላው ይባላል። የፕሮቲን ዱቄት ሻጮች ይህን አባባል ቢወዱት አይገርምም።

ከሐሳቡ ምንጮች አንዱ ግን ስለ ፕሮቲን አይደለም። በ1988 እ.ኤ.አ. ጆን አይቪና ባልደረቦቹ ብስክሌተኞችን አድክመው የካርቦሃይድሬት መጠጥ ሰጧቸው፤ አንድ ጊዜ ወዲያው፣ ሌላ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ሲዘገይ ግላይኮጅን፣ ማለትም ጡንቻ ውስጥ የሚከማቸው ነዳጅ፣ የሚሞላበት ፍጥነት በግማሽ ገደማ ቀነሰ። ይህ ስለ ነዳጅ እንጂ ስለ ጡንቻ መፋፋት የሚናገር ውጤት አይደለም።

ስለ ጡንቻው በ2013 ብራድ ሾንፌልድ፣ አላን አራጎንና ጄምስ ክሪገር 23 ጥናቶችን አንድ ላይ አዩ። መጀመሪያ ላይ ቶሎ መብላት የጠቀመ ይመስል ነበር። ነገሩን ሲመረምሩት ግን ቶሎ እንዲወስዱ የተደረጉት ሰዎች በቀን የሚያገኙት ጠቅላላ ፕሮቲን ራሱ የበለጠ ነበር። ያ ሲስተካከል ጥቅሙ ጠፋ። ጡንቻ ከከባድ ልምምድ በኋላ ለአንድ ቀን ያህል ለፕሮቲን ንቁ ሆኖ ይቆያል፤ በግማሽ ሰዓት የሚዘጋ በር የለውም።

ዋናው የቀኑ ድምር ነው። ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም አካባቢ ይበቃል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም ማለት ነው። ይህ ሰው 7 ሰዓት ላይ ምሳውን በደንብ በልቶ 11 ሰዓት ላይ ቢሠራ፣ የምሳው ፕሮቲን ገና ወደ ደሙ እየገባ ነው። ማታ 2 ሰዓት ራቱን ቢበላ ምንም አልቀረበትም።

ጾም ላይ ሲሆን ሒሳቡ ይለወጣል። ማታ 3 ሰዓት በልቶ ንጋት 12 ሰዓት የሠራ፣ እስከ 9 ሰዓትም የሚጾም ሰው 18 ሰዓት ሙሉ ያለ ምግብ ይቆያል። እዚህ ላይ ጊዜው እውነትም ዋጋ አለው፤ ልምምዱን ወደ 8 ሰዓት ማዛወር ይሻላል። ከዚያ የሚከብደው ድምሩ ነው። 300 ግራም የጤፍ ዱቄት እንጀራ ወደ 40 ግራም ፕሮቲን ይሰጣል፣ 200 ግራም ደረቅ ምስር ወይም የሽሮ ዱቄት ደግሞ 45 ገደማ። የጎደለውን 100 ግራም ኦቾሎኒ ይሞላዋል። በሁለት ገበታ ይህን ሁሉ መጨረስ ቀላል አይደለም፤ ብዙዎች የሚጎድላቸውም እዚህ ጋ ነው እንጂ ደቂቃው ላይ አይደለም።

መቸኮል የሚገባው በቀን ሁለቴ የሚሮጥ ሰው ነው። በሁለቱ ልምምዶች መካከል ከ8 ሰዓት በታች ካለ፣ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት በየሰዓቱ በኪሎ 1 ግራም ያህል ካርቦሃይድሬት ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሯጭ ያ 300 ግራም ያህል የተቀቀለ ድንች ነው። ቀጣዩ ልምምድ ነገ ከሆነ ግን ሁለት ሰዓት ቢዘገይም እስከዚያ በቂ እስከበላ ድረስ ነዳጁ ይሞላል።