ጥቁር ሰገራ፦ ከብረት እንክብሉ ነው ወይስ ከደም?

አንዲት ነፍሰ ጡር ከጤና ጣቢያ የተሰጣትን የብረት እንክብል መዋጥ ከጀመረች ከጥቂት ቀናት በኋላ ሰገራዋ ይጠቁራል። ለወገብ ሕመም ዳይክሎፌናክ ሲውጥ የሰነበተ አዛውንትም እንዲሁ ሰገራው ጠቁሮ ሊያገኘው ይችላል። የእሷ የሚያሰጋ አይደለም፤ የእሱ ግን በዚያው ቀን ሆስፒታል ያስኬዳል። ሁለቱን ለመለየት ሰገራ ቀለሙን ከየት እንደሚያገኝ ማወቅ ይረዳል።

ያረጁ ቀይ የደም ሕዋሳት ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ንጥረ ነገር ይተርፋል። ጉበት ይህን ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ያፈስሰዋል፤ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ሲለውጡት ሰገራ ቡናማ ይሆናል። ስለዚህ ከቢጫ ቡናማ እስከ ጥቁር ቡናማ ያለው ሁሉ ጤነኛ ነው። ጎመን በብዛት የበላ ወይም ተቅማጥ የያዘው ሰው አረንጓዴ ቢያይም፣ ሌላ ምልክት ከሌለ አያሳስብም።

ወደ ጥቁሩ እንመለስ። ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን የጨጓራን ሽፋን ያሳሳሉ፤ ቁስለትም ሊያስከትሉ ይችላሉ። ቁስሉ ሲደማ ደሙ በጨጓራ አሲድና በአንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ረጅም መንገድ ስለሚሄድ፣ ሲወጣ ቀይ ሳይሆን ጥቁር ነው። ይህ ሰገራ እንደ ሬንጅ ያብረቀርቃል፣ ይጣበቃል፣ ውኃ ሲደፋበት እንኳ በቀላሉ አይለቅም፤ ሽታውም ከወትሮው የተለየና ኃይለኛ ነው። የብረት እንክብል የሚያጠቁረው ግን ወደ ጥቁር አረንጓዴ ያደላል፣ ቅርጹን ይይዛል፣ አይጣበቅም፣ ሽታውም የተለመደው ነው።

አዛውንቱ ሲነሱ ዓይናቸው ላይ ጭልም ካለ፣ ልባቸው በፍጥነት ከመታ፣ ቀዝቃዛ ላብ ካላባቸው ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስታወኩ ብዙ ደም ፈስሷል ማለት ነውና ሌሊትም ቢሆን ነገ ይደርሳል ማለት አይገባም። ማስታገሻውን አቁመው፣ የእንክብሉን ፓኬት ይዘው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። ነፍሰ ጡሯ በበኩሏ ጥቁሩን አይታ እንክብሉን በራሷ ማቆም የለባትም። ሆኖም ብረት የሚወስድ ሰውም ሊደማ ይችላል፤ የሚጣበቅና የሚሸት ሰገራ ካየች፣ ወይም ከተለመደው በላይ ከደከማት ትመርመር።

ቀይ ደም አብዛኛውን ጊዜ ከታችኛው አንጀት ወይም ከፊንጢጣ የሚመጣ ነው። ቀይ ሥር የበላ ሰው በማግስቱ ሰገራው ቢቀላ አይደንግጥ። ከሰገራው ውጭ ወይም በመጥረጊያው ላይ የሚታይ ትኩስ ደም ብዙ ጊዜ ከኪንታሮት ነው፤ ግን የአንጀት ካንሰርም እንዲሁ ሊጀምር ስለሚችል «ኪንታሮት ነው» የሚለውን ፍርድ ለሐኪም መተው ይሻላል። ከንፍጥ ጋር የተቀላቀለ ደም ከትኩሳትና ከቁርጠት ጋር ከመጣ ደግሞ የአንጀት ኢንፌክሽን ምልክት ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ይፈልጋል።

ሰዎች የማይጠረጥሩት ቀለም ነጣ ያለው ነው። ሰገራ በተደጋጋሚ እንደ ነጭ ሸክላ አፈር ሲሆን ሐሞት ወደ አንጀት እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ መንገዱን ጠጠር ወይም ዕጢ ዘግቶት ይሆናል። ሽንት ከጠቆረና ዓይን ቢጫ ከሆነ ጥርጣሬው ይበልጥ ይጠናከራል። በጨቅላ ሕፃን ላይ ደግሞ ጊዜው አጭር ነው፦ ከተወለደ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሕፃን ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሰገራው ከነጣ፣ የሐሞት ቧንቧው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ወር ሳይሞላው ሲደረግ ውጤቱ የተሻለ ስለሆነ «በፀሐይ ሲሞቅ ይለቀዋል» ብሎ መጠበቅ ጉበቱን ያስጎዳል።

ውፍረቱን በተመለከተ ሐኪሞች በእንግሊዝ አገር ብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀ፣ ከ1 እስከ 7 የሚቆጥር መለኪያ ይጠቀማሉ። 1 እና 2 ጠንካራ፣ የተንኳለለና ለመውጣት የሚያስቸግር ነው፤ ድርቀት ነው። 3 እና 4 ለስላሳ ሆኖ ቅርጽ ያለው፣ ጤነኛው ነው። ከ5 ጀምሮ ወደ ተቅማጥ ያመራል፤ 7 ጭራሽ ውኃ ነው። በቀን ሦስት ጊዜም ሆነ በሳምንት ሦስት ጊዜ መጸዳዳት ጤነኛ ነው፤ ከራስ ልማድ የተለየ ለውጥ ከሦስት ሳምንት በላይ ከቆየ ግን ይታይ። የሩዝ ውኃ የመሰለ ብዙ ተቅማጥ ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦአርኤስ እየጠጡ ሳይዘገዩ ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል።

ሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ቀለሙን፣ መጣበቁን፣ መቼ እንደጀመረና የሚወስዱትን መድኃኒት በሙሉ ሳያፍሩ ይናገሩ፤ ከተቻለም በስልክዎ ፎቶ አንስተው ያሳዩ።