በረንዳው ላይ የሰፈሩት ርግቦች

እህቴ የምትኖረው አዲስ አበባ ውስጥ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ጥቅምት ላይ በረንዳዋ ላይ ስንዴ አስጥታ ስትመለስ ሁለት ርግቦች ሲለቅሙ አገኘች። እናታችን «ርግብ ቤት መርጣ ከመጣች በረከት ናት፤ አትንኪያት» አሏት። ታኅሣሥ ሲገባ ከዲሹ ጀርባ ባለው አሮጌ ካርቶን ላይ ጭራሮ ተጎዝጉዞ ሁለት ነጫጭ እንቁላሎች ተቀምጠዋል። ከሥሩ ያለው ወለል ደግሞ ኖራ የተቀባ መስሏል።

ዓይናቸው ዙሪያ ቀይ፣ ክንፋቸው ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለባቸው እነዚህ ርግቦች በዱር የሚፈለፍሉት ገደል ላይ ነው። ለእነሱ ፎቅ ማለት ገደል ነው። ዝናብ የማይነካው፣ ከኋላው ግድግዳ ያለው፣ እህል የሚሰጣበት በረንዳ ካገኙ ደግሞ ሌላ ቦታ አይፈልጉም። ድንቢጥ ግን ጠባብ ቦታ ትመርጣለች፤ በቆርቆሮው እጥፋትና በግድግዳው መካከል የምትቀረው ክፍተት ትበቃታለች።

እህቴን ያስጨነቃት የወለሉ መቆሸሽ ነበር። እኔን ያስጨነቀኝ ግን በእጇ የያዘችው መጥረጊያ ነው። የርግብ ኩስ እርጥብ ሳለ እምብዛም አይጎዳም፤ ደርቆ ሲጠረግ ግን አቧራው ይነሳና ወደ ሳንባ ይገባል። የተጠራቀመ ኩስ ውስጥ ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ ብዙ ጊዜ ይገኛል። ጤነኛ ሰው ቢተነፍሰው አብዛኛውን ጊዜ ሳይታመም ያልፋል። ኤች አይ ቪ ሰውነቱን ያዳከመበት ሰው ላይ ግን ወደ አንጎል ሽፋን ዘልቆ ገዳይ የማጅራት ገትር በሽታ ያስከትላል። የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ እያጠራቀመ ለሚጠጣ ቤት ሌላ ጣጣ አለ፤ ኩሱ ከዝናቡ ጋር ወደ በርሜሉ ስለሚወርድ እንደ ሳልሞኔላ ያሉ ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይዞ ሊገባ ይችላል።

ጎጆውን ያን ዕለት አላነሳነውም። ርግብ እንቁላል ከጣለች ጫጩቶቹ እስኪበሩ ስድስት ሰባት ሳምንት ይፈጃል፤ ስለዚህ እስከ ጥር መጨረሻ ጠበቅን። እስከዚያው የምትችለው እህሉን ሌላ ቦታ ማስጣትና ልጆቹን ከበረንዳው ማራቅ ነበር። ጫጩቶቹ በበሩ ማግስት ግን ሥራ ጀመርን፤ መዘግየት አይቻልም፣ ርግብ በቀናት ውስጥ መልሳ ትጥላለችና።

አፍና አፍንጫችንን በማስክ ሸፍነን፣ ጓንት አድርገን፣ ኩሱን በሳሙና ውሃ ደጋግመን አራስነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ለስልሶ በአካፋ ተነሳ። ጎጆውንም አርሰን ከካርቶኑ ጋር በፌስታል አሰርነው፤ ባዶ ጎጆ ውስጥ የሚቀር ቅንቅን ደም ፍለጋ ወደ ቤት ይገባል። ወለሉ ከጠራ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠን አጠብነው። በረኪና ኩሱ ላይ ቢፈስ ኃይሉን ያጣል፤ ቅደም ተከተሉ ለዚህ ነው። ከሌላ የጽዳት ኬሚካል ጋር መደባለቅም የለበትም፣ መርዛማ ጋዝ ያወጣል።

ጎረቤት ሲዲ እንድንሰቅል መከረን። ብልጭታው ለጥቂት ቀን ያስፈራል፤ ከዚያ ርግቧ ትለምደዋለች። መርዝና የሚያጣብቅ ሙጫ አልፈለግንም። ሙጫ ላባቸውን ይዞ መብረር ያሳጣቸዋል፤ ትናንሾቹ ወፎች እዚያው ተጣብቀው ይሞታሉ።

የሚሠራው ቦታውን መዝጋት ነው። ለርግብ ቀዳዳው 5 ሴንቲ ሜትር የሆነ የናይለን መረብ ይበቃል፤ ለድንቢጥ ግን ከ2 ሴንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም። እኛ የመጀመሪያውን መረብ አላልተን ሰቀልነውና በሦስተኛው ቀን ርግቧ በታችኛው ጠርዝ ሾልካ ገባች። አውጥተናት ዙሪያውን ሽቦ ዘርግተን፣ መረቡን እንደ ከበሮ ቆዳ ወጥረን አሰርነው። የላላ መረብ ከማሳለፉም በላይ እግርና ክንፍ ጠልፎ ወፏን ይገድላል። ርግቦቹ ለሁለት ሳምንት ያህል እየመጡ ሐዲዱ ላይ ሲያርፉ ቆዩ፤ ከዚያ ቀሩ።

የጣሪያ ሥር ክፍተት በሽቦ ወንፊት ሊዘጉ የተነሱ ካሉ፣ ምስማሩን ከመምታትዎ በፊት ጠዋት ላይ ግማሽ ሰዓት ራቅ ብለው ይቀመጡና ቀዳዳውን ይመልከቱ። ድንቢጧ በአፏ ትል ይዛ ከገባች ውስጥ ጫጩት አለ፤ ሥራውን ለሚቀጥለው ወር ያቆዩት።