የድግስ ወጥ ጨው በእንግዳ ቁጥር ይባዛል?

ኩታበር ላይ ሰርግ ሲደገስ ወይም ሐዘን ሲደርስ የቅሬው ትልቁ ድስት ይወጣል። ጎረቤቱ ሽንኩርት እየከተፈ ሳለ የጨው ክርክር ይነሳል። አንዷ «ለቤት ወጥ አንድ ማንኪያ ካልን ለሃያ እጥፉ ሃያ ነው» ትላለች። ሌላዋ ደግሞ «በትልቅ ድስት ጨው ይበረታል፤ አሥራ ሁለት ይበቃል» ትላለች። ሁለቱም አባባል በየድግሱ ይሰማል፤ ሁለተኛው ግን ስህተት ነው፤ የመጀመሪያውም የሚሠራው ወጡ ራሱ ሃያ እጥፍ ሲሆን ብቻ ነው።

ጨው በትልቅ ድስት አይበረታም፤ አይተንምም። ምላስ የሚያውቀው በእያንዳንዱ ጉርሻ ውስጥ ያለውን ድርሻ ነው፤ ያ ድርሻ እኩል ከሆነ የትንሹም የትልቁም ድስት ወጥ እኩል ይጣፍጣል። እኩል የማይባዛው ውሃው ነው። ጨው የሚሰፈረውም በሰው ቁጥር ሳይሆን በመጨረሻ በሚገኘው ወጥ ክብደት ነው።

የምስር ወጥን እንውሰድ። ቤት ውስጥ ግማሽ ኪሎ ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ሽንኩርት፣ 150 ግራም ዘይት፣ 50 ግራም በርበሬ፣ አንድ ሊትር ተኩል ውሃና 15 ግራም ጨው ገብቶ ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ሲተን 2.2 ኪሎ ግድም ወጥ ይወጣል። ሁሉንም በ20 እናባዛ። ውሃው 30 ሊትር፣ ጨው 300 ግራም ይሆናል፤ የሚጠበቀው ወጥ 44 ኪሎ ነው። ለዚህ ግን 10 ሊትር ውሃ መትነን አለበት። የቤቱ ድስት አፉ 24 ሳንቲ ሜትር፣ የቅሬው 60 ቢሆን፣ ስፋቱ የሚጨምረው ስድስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ የጉልቻው እሳትም ሃያ እጥፍ አይነድም። በዚያው ሰዓት የሚተነው ምናልባት 3 ሊትር ነው። ወጡ 51 ኪሎ ሆኖ ቀጥኖ ይቀራል።

ጥፋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። የቀጠነው ወጥ ሲቀመስ አልጫ ይሆናል፤ ሌላ 50 ግራም ጨው ይጨመራል፤ ለጊዜው ልክ ይመጣል። ከዚያ «ይወፍር» ተብሎ ሲንተከተክ ቆይቶ 44 ኪሎ ሲደርስ፣ በኪሎ 7 ግራም የነበረው ጨው 8 ግራም ይሆንና ወጡ ጨው ይበዛበታል። «በትልቅ ድስት ጨው ይበረታል» የሚለው እምነት የመጣውም ከዚህ ይመስለኛል።

መፍትሔው ውሃውን ከ30 ወደ 23 ሊትር ዝቅ አድርጎ መጀመርና ካነሰ የሚጨመር የፈላ ውሃ ለብቻ ማቆየት ነው። ከጨው ሁለት ሦስተኛው፣ 200 ግራም ያህል፣ አስቀድሞ ይገባል፤ የቀረው የሚገባው ወጡ ከወፈረ በኋላ ነው። መወፈሩን በዓይን መገመት ያስቸግራል፤ በማማሰያው እንጨት መለካት ግን ይቻላል። በ60 ሳንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ድስት 44 ኪሎ ወጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆማል፤ 51 ኪሎ ከሆነ ወደ 17 ይደርሳል። እንጨቱ ላይ አስቀድሞ ምልክት ማድረግ ነው። የፋሲካ ዶሮ ወጥ በጾሙ ቅዳሜ፣ የረመዳን ማፍጠሪያም በጾም ሰዓት ሲሠራ ብዙዎች ስለማይቀምሱ ይህ ልኬት ለእነሱ ከማንም በላይ ያስፈልጋቸዋል።

በርበሬውም የራሱ ጨው አለው። በየቤቱ ሲዘጋጅ ጨው ይገባበታል፤ መጠኑ ግን ከቤት ቤት ይለያያል። የድግስ በርበሬ ደግሞ ከብዙ ጎረቤት ይዋጣል። በኪሎ 100 ግራም ጨው ያለበት አንድ ኪሎ በርበሬ ከገባ የጨዉ ሲሶ ሳይታወቅ ገብቷል ማለት ነው። በርበሬውን አስቀድሞ ቀላቅሎ በምላስ ጫፍ ቢቀምሱ ይህ ይታወቃል።

ቅመም ላይ ነገሩ ይለያል። የበርበሬ ማቃጠል በእሳት ብዛት ብዙም አይቀንስም፤ የኮረሪማና የመከለሻ ሽታ ግን ከእንፋሎት ጋር ይሄዳል። ደሴና ኩታበር ባሉበት ደጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ግድም ስለሚፈላ ምስሩ ለመብሰል ይዘገያል፤ ወጡም እንግዳ እስኪመጣ እሳት ዳር ይቆያል። ማቃጠሉ ሳይቀንስ ሽታው ይጠፋል። ያኔ በርበሬ መጨመር ወጡን ጥሬ በርበሬ ጥሬ በርበሬ ያሰኘዋል እንጂ አይጠቅመውም። በርበሬው በልኩ ተባዝቶ ከሽንኩርቱና ከዘይቱ ጋር በደንብ ይቁላላ፤ መከለሻው ወጡ ሊወጣ ሲል ይግባ።

ጨው ሲበዛ ድንች ጣል ማድረግ የተለመደ ነው። ድንቹ የሚመጠው ጨዋማውን መረቅ ነው፤ ጨዉን ለይቶ አይወስድም። በድስቱ የቀረው ወጥ ያው ነው። የሚያዋጣው ወጡን ማብዛት ነው፤ ጨው ለበዛበት 44 ኪሎ ወጥ ጨው የሌለው ሰባት ኪሎ ያህል የበሰለ ምስር ይበቃል። ስለዚህ ከምስሩ ትንሽ ለይቶ ያለ ጨው ቀቅሎ እስከ መጨረሻው ማቆየት ያስፈልጋል፤ ወጡ ጨው ካልበዛበት ምስሩ ሽንኩርትና ዘይት ተጨምሮበት ለማግስቱ ይሆናል።