ጆሮ ዳባ ልበስ ሲሉን፦ ከጌይተርስበርግ ለኮንግረስ የጻፍናቸው ደብዳቤዎች

ጌይተርስበርግ፣ ሜሪላንድ - በዋሽንግተን ዙሪያ የምንኖር ኢትዮጵያውያን የኮንግረስን በር ማንኳኳት ከጀመርን ብዙ ዓመት ሆነን። ስለ ሰልፉና ስለ ድምፅ አሰጣጡ ብዙ ተጽፏል። ደብዳቤው ተልኮ መልስ ሳይመጣ ስለሚያልፉት ሳምንታት ግን እምብዛም አንነጋገርም፤ ብዙ ወገኖቻችን ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩት ደግሞ እዚያ ላይ ነው። ስለዚህ ሰባት ቤተሰብ ሆነን እ.ኤ.አ. በ2017 የጀመርነውን መጻጻፍ እንደሆነው እንናገራለን። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የዚያን ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ የኒው ጀርሲው የምክር ቤት አባል ክሪስ ስሚዝ፣ በኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት እንዲከበር የሚጠይቀውን ኤች.ሬስ. 128 አቀረቡ። ስሚዝ ለጉዳዩ አዲስ አልነበሩም። በ2006 ያቀረቡት ኤች.አር. 5680 ከኮሚቴ አልፎ ለሙሉ ምክር ቤቱ ሳይቀርብ፣ የኮንግረሱ ዘመን ሲያልቅ አብሮ ሞቷል። በ2007 ዶናልድ ፔይን ያቀረቡት ኤች.አር. 2003 ደግሞ ኦክቶበር 2 ቀን በምክር ቤቱ ቢያልፍም ሴኔት ሳይነካው ቀርቷል። እንግዲህ እኛ ስንጀምር ከኋላችን ሁለት ሬሳ ነበር ማለት ነው።

በማርች ሰባታችንም ለአንድ የምክር ቤት አባል ቢሮ (ስሙን አንጠራም) በወረቀት ጽፈን በፖስታ ላክን። ስድስት ሳምንት ጠበቅን፤ መልስ የለም። ከመካከላችን አንዱ «ሰውየው በወያኔ ገንዘብ ተገዝቷል» ብሎ ፈረደ። ነገሩ ሲጣራ ግን፣ ከ2001ዱ የአንትራክስ ጥቃት ወዲህ ለካፒቶል የሚላክ ደብዳቤ በቅድሚያ ወደ ሌላ ቦታ ተወስዶ እንደሚመረመር ተረዳን። ወረቀታችን ገና ቢሮው አልደረሰም ነበር። ያልደረሰ ደብዳቤ እንዳልተመለሰ ቆጥረን ሰው ስንወቅስ ከርመናል!

ሁለተኛውን ዝምታ ራሳችን ነን ያመጣነው። ለራሳቸው ለስሚዝም ልንጽፍ ሞክረን የድረ ገጻቸው ቅጽ የመኖሪያችንን ዚፕ ኮድ ሲጠይቅ ቆምን። የምክር ቤት አባል በመጀመሪያ የሚሰማው የራሱን ወረዳ መራጭ ነው፤ ከ20877 ወይም ከ20878 የሚጻፍ ደብዳቤ ኒው ጀርሲ ውስጥ ድምፅ የለውም። በአንድ ቃል የተጻፉት ሰባቱ ደብዳቤዎቻችንም ያን ያህል አልረዱንም። እንዲህ ያለውን ቢሮዎቹ በአንድነት ይቆጥሩታል፤ መልሱም ለሁሉም አንድ ነው።

ያ መልስ በሜይ መጣ። «አስተያየትዎን አመሰግናለሁ፤ ጉዳዩ ለምክር ቤቱ ከቀረበ ሐሳብዎን አስታውሳለሁ» የሚል ነበር። ከእኛ ግማሾቹ እሺ አለን ብለው ደስ አላቸው፤ ግማሾቹ ናቀን ብለው ተቆጡ። ሁለቱም ተሳስተው ነበር። ይህ አነጋገር «ደብዳቤህ ተመዝግቧል፤ አቋም ግን አልያዝንም» ከማለት አያልፍም። እውነተኛው ጥያቄ ገና አልቀረበም ነበርና።

ከዚያ በኋላ መንገዱን ቀየርን። ለቢሮው ስልክ ደውለን የጠየቅነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የውጭ ጉዳይን የሚከታተለው ረዳት ማን ይባላል? ስሙን ካገኘን በኋላ አምስት መስመር ጻፍንለት። የት እንደምንኖር፣ የውሳኔ ሐሳቡን ቁጥር፣ አለቃው ደጋፊ ፈራሚ እንዲሆኑ መጠየቃችንን፣ ከመካከላችን የአንዷ እህታችን የወንድም ልጅ አገር ቤት መታሰሩን፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እንዲሰጠን መፈለጋችንን። የታሪክ ትንታኔውን፣ ከዐጼ ቴዎድሮስ የሚጀምረውን ማለት ነው፣ በግድ ተወነው።

አሥር ቀን ዝም አለ። አልወቀስነውም። በጁላይ መጨረሻ የውሳኔ ሐሳቡ በምክር ቤቱ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ሲያልፍ፣ በዚያው መልእክት ላይ ይህን አዲስ ነገር ጨምረን ጥያቄያችንን ደገምን። «መልስ ስላልሰጡን» የሚል ቃል አላስገባንም፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚጻፍ ሰው አዲስ ነገር ይዞ ቢመጣ ለተቀባዩም እፍረት አይሆንበትም። ኦገስት ደግሞ ኮንግረስ ለዕረፍት የሚበተንበት ወር ስለሆነ ቆጥረን አለፍነው። ሴፕቴምበር ላይ ቀጠሮ አገኘንና ከሼዲ ግሮቭ ባቡር ተሳፍረን ሄድን።

ረዳቱ በትሕትና ሰማንና በግልጽ እምቢ አለን። ኢትዮጵያ በሶማሊያ ጉዳይ የአሜሪካ የጸጥታ አጋር ስለሆነች አለቃው አሁን አይፈርሙም አለ። መጥፎ ዜና ቢሆንም ምክንያቱን የሚናገር እምቢታ ከዝምታ የተሻለ ነው፤ ቢያንስ የምንመልሰውን እናውቃለን።

ጥፋቱ የመጣው በዚያው ማታ ነው። አንድ ወንድማችን ንዴቱን መቆጣጠር አቅቶት «የልጆቻችንን ደም ሸጣችሁ» ብሎ ለረዳቱና አድራሻውን ላገኘው የቢሮው ሠራተኛ ሁሉ ላከ። ስሜቱን እንረዳለን፤ የሰው ልጅ እስር ቤት እያለ ስለ «ጸጥታ አጋርነት» መስማት ያቃጥላል። ዳሩ ግን የኮንግረስ ረዳቶች ከቢሮ ወደ ቢሮ ይዘዋወራሉ፤ ንዴቱም አብሮ ይዘዋወራል። ያ ረዳት በጃንዋሪ ሌላ ቢሮ ገባ። ቀጠሮ ፍለጋ እዚያ ብንደውል ስልኩን ያነሳው እሱ ሆኖ ተገኘና መጀመሪያ የጠየቀን ስለዚያ ደብዳቤ ነው።

ያዳነን ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ በሁለተኛው ቀን የላኩት አጭር መልእክት ነበር። ስለ አሥራ አምስት ደቂቃው አመስግነው፣ ስለ ወንድማችን ቃል ይቅርታ ጠይቀው፣ «እሺ፣ መፈረሙ ይቅር። የታሰረው ልጅ የት እንዳለ ግን ለስቴት ዲፓርትመንት ጥያቄ ትጽፉልናላችሁ?» አሉ። ይህ ለቢሮው አቋም መያዝ አይደለም፤ የመራጭን ቤተሰብ ጉዳይ መከታተል ነው። ቢሮው የፈቃድ ቅጽ ላከ፣ እህታችን ፈረመች፣ ከሳምንታት በኋላ የሁለት አንቀጽ መልስ መጣ። ልጁ በ2018 መጀመሪያ ከተፈቱት ብዙ እስረኞች ጋር ወጣ። በደብዳቤው ነው ብለን አንዋሽም፤ እናቱ ግን በእነዚያ ወራት ልጇ በሕይወት መኖሩን አውቃ አድራለች።

ለኦክቶበር የታሰበው የምክር ቤቱ ድምፅ በዚህ መካከል ሳይሰጥ ቀርቶ ነበር። የእኛ ሰዎች ሁለት ጎራ ሆኑ፤ «አከተመ» ያሉና መደወላቸውን የቀጠሉ። በኮሎራዶ ያሉ ወገኖቻችን ከምክር ቤት አባላቸው ከማይክ ኮፍማን ጋር ይዘውት የነበረውን ግንኙነት አላቋረጡም። ኤፕሪል 10 ቀን 2018፣ ዶ/ር ዐቢይ አህመድ ጠቅላይ ሚኒስትር ከሆኑ ከስምንት ቀን በኋላ፣ ኤች.ሬስ. 128 አለፈ። አስገዳጅ ሕግ አለመሆኑን ያኔም እናውቅ ነበር።

አንድ ሌላ ዓይነት ዝምታም አለ፤ እሱ እስከ ዛሬ መድኃኒት አላገኘንለትም። በ2022 ኤች.አር. 6600 ሲቀርብ የእኛው ሰዎች ከሁለት ወገን ሆነው ወደ ኮንግረስ ሄዱ፤ አንዱ ይጽደቅ፣ ሌላው ይውደቅ እያለ። አንድ ወጣት ረዳት ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ሁለት የሐበሻ ቡድን ተቀብሎ ተቃራኒ ነገር ቢሰማ ለማንኛውም ባይመልስ ምን ይፈረድበታል? እንዲህ ያለውን ዝምታ በመደጋገም መስበር አይቻልም።

ከ2018ቱ ድምፅ በኋላ ወደ መጀመሪያው ቢሮ ደውለን ነበር፤ አለቃው ደግፈውት ይሆን ብለን። ስልክ ያነሳችው ልጅ አጣርታ መለሰችልን። ድምፁ የተሰጠው በቃል ስለሆነ ማን ምን እንዳለ መዝገብ የለም።