ሁለት ጊዜ “ጸድቆ” ሕግ ያልሆነው ሕግ
የስፔን ጋዜጦችን የታመቀ ርዕስ ወደ አማርኛ ዓረፍተ ነገር ስለ መመለስ

እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2025 የስፔን መገናኛ ብዙኃን ስለ ሠራተኞች የሥራ ሰዓት አንድ ትልቅ ዜና ይዘው ወጡ። የርዕሱ ቅርጽ በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነበር፦ “ኤል ጎቢየርኖ አፕሩዌባ ላ ኾርናዳ ዴ 37,5 ኦራስ”። ቃል በቃል ሲወሰድ “መንግሥት የ37,5 ሰዓት የሥራ ጊዜ ያጸድቃል” ማለት ነው። ከሦስት ወር በኋላ፣ ሜይ 6፣ ያው ግሥ ስለ ያው ጉዳይ ተመልሶ መጣ፤ መንግሥት እንደገና “አጸደቀ”። ሴፕቴምበር 10 ደግሞ ርዕሱ “ኤል ኮንግሬሶ ቱምባ ላ ሬዱክስዮን ዴ ኾርናዳ” ሆነ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤቱ የሥራ ሰዓት ቅነሳውን ጣለው። ከ1983 ጀምሮ ሲሠራበት የኖረው የ40 ሰዓት ጣሪያ ባለበት ቀረ።

ሦስቱን ርዕሶች ብቻ ይዞ የሚተረጉም ሰው አንባቢውን ግራ ያጋባል። በፌብሩዋሪ “ሕጉ ጸደቀ” ብሎ ከጻፈ፣ በሜይ የጸደቀው ምንድን ነው? ሁለት ጊዜ የጸደቀ ሕግ በሴፕቴምበር እንዴት ይወድቃል? የስፔን ጋዜጦች ግን አልተሳሳቱም። አገሬው ልማዱን ስለሚያውቅ ርዕሱ ያልተናገረውን ከራሱ ይሞላል። የአማርኛ አንባቢ ያንን መሙያ በእጁ አልያዘም፤ ሊያቀብለው የሚገባው ተርጓሚው ነው።

ግሡ ላይ ያለው ወጥመድ

የስፔን ርዕስ ያለፈ ነገርን በአሁን ጊዜ ግሥ ይናገራል፤ ብዙ ጊዜም ግሡን ከፊት ያስቀድማል። የሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 21 ቀን 2025 ሲያርፉ በየጋዜጣው የተነበበው “ምዌሬ ኤል ፓፓ ፍራንሲስኮ” የሚል ነበር። “ምዌሬ” በሰዋስው መጽሐፍ “ይሞታል” ነው። አማርኛ ግን “ይሞታል” ሲል ወደፊት የሚሆነውን ይናገራል፤ የቃል በቃል ትርጉሙ ዜናውን ትንቢት ያደርገዋል። በዚህ ምሳሌ ስሕተቱ ወዲያው ስለሚታይ ማንም አይወድቅበትም። አደገኛው “አፕሩዌባ” ነው፤ “ያጸድቃል” ተብሎ ቢጻፍ አንባቢ “ገና ሊያጸድቅ ነው” ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይደነግጥም።

ሁሉንም የአሁን ጊዜ ግሥ ወደ ኃላፊ መለወጥም መፍትሔ አይሆንም። “ነገ”፣ “ሐሙስ” ወይም “በሚቀጥለው ሳምንት” የሚል ቃል አብሮት ካለ፣ ያው ግሥ በእርግጥ የወደፊቱን ይናገራል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከርዕሱ ወርዶ የዜናውን የመጀመሪያ አንቀጽ ማንበብ ነው። እዚያ ግሡ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ይገኛል፤ “ዛሬ ማክሰኞ አጽድቋል” ወይም “ለማጽደቅ አቅዷል” ይላል።

አማርኛ ከተርጓሚው የሚጠይቀው ጊዜን ብቻ አይደለም። “ምዌሬ” ወንድም ሴትም፣ አንቱም አንተም አያውቅም። አማርኛ ግን ግሡን ሲዘጋ ጾታና ክብር ይመርጣል፤ ሞተ፣ ሞተች፣ ዐረፉ፣ ሕይወቱ አለፈ። ርዕሱ “ከፍተኛ ዳኛ ሥራ ለቀቁ” የሚል ዓይነት ከሆነ አንቱታው ጾታን ስለሚሸፍን ችግር የለውም። ስለ አንድ ወጣት አትሌት ወይም ስለ አንድ ተጠርጣሪ ሲሆን ግን ጾታውን ሳያጣሩ ዓረፍተ ነገሩን መጨረስ አይቻልም።

የ37,5 ሰዓቱ ርዕስ ሲፈታ

አሁን የፌብሩዋሪውን ርዕስ ቃል በቃል እንፍታው። “ኤል ጎቢየርኖ” የስፔን መንግሥት ነው፤ የስፔን ጋዜጣ “የስፔን” ብሎ መጨመር አያስፈልገውም፣ አማርኛው ግን ያስፈልገዋል። በተግባር ያጸደቀው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው፤ ይህ ምክር ቤት በመደበኛነት ማክሰኞ ማክሰኞ ይሰበሰባል፣ ፌብሩዋሪ 4ም ሜይ 6ም ማክሰኞ ነበሩ።

“ኾርናዳ” የሥራ ጊዜ ነው፤ በቀንም በሳምንትም ሊለካ ይችላል። ርዕሱ “በሳምንት” የሚለውን ቃል ለቦታ ሲል ጥሎታል፤ በቀን 37 ሰዓት የሚሠራ ሰው ስለሌለ የስፔን አንባቢ አይሳሳትም። (በእግር ኳስ ገጽ ላይ ያው ቃል የሊጉ የጨዋታ ሳምንት ነው።) በ“37,5” መካከል ያለው ነጠላ ሰረዝ እኛ ነጥብ የምናደርግበት ምልክት ነው፤ 37 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። በተቃራኒው “1.500” ብለው ሲጽፉ አንድ ሺህ አምስት መቶ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው “አፕሩዌባ” ነው። በስፔን አንድ የሕግ ሐሳብ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ሁለት ጊዜ ሊያልፍ ይችላል። መጀመሪያ “አንቴፕሮዬክቶ” በሚባል የመነሻ ረቂቅነት ይጸድቅና አማካሪ አካላት አስተያየት እንዲሰጡበት ይላካል። ሲመለስ እንደገና ይታይና “ፕሮዬክቶ ዴ ሌይ”፣ ማለትም የሕግ ረቂቅ ሆኖ ወደ ፓርላማ ይመራል። ሁለቱም ቀን በርዕስ ላይ “አፕሩዌባ” ይባላል። ሦስተኛ መንገድም አለ፤ “ሬያል ዴክሬቶ-ሌይ” የሚባለው አስቸኳይ ድንጋጌ ወዲያው ሥራ ላይ ይውላል፣ የተወካዮች ምክር ቤቱም በ30 ቀን ውስጥ ሊያጸናው ወይም ሊሽረው ይገባል። ስለዚህ ተርጓሚው በዜናው የመጀመሪያ አንቀጾች ውስጥ ከእነዚህ ሦስት ስሞች አንዱን መፈለግ አለበት። የትኛው እንደሆነ ሳያውቅ “አጸደቀ” ብሎ መጻፍ አይችልም።

የኢትዮጵያ አንባቢ ለዚህ እንግዳ አይደለም። የሚኒስትሮች ምክር ቤት አንድን ረቂቅ አዋጅ ተወያይቶ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲመራ “ሕግ ወጣ” አንልም፤ “መራው” እንላለን። ያንን የለመደ ቃል መጠቀም ለሜይ 6ቱ ዜና ልክ ይመጣል።

እነዚህን ሁሉ ይዘን ብንጽፍ ሦስቱ ርዕሶች እንዲህ ይሆናሉ።

የፌብሩዋሪው፦ “የስፔን መንግሥት የሳምንቱን የሥራ ጊዜ ከ40 ወደ 37 ሰዓት ተኩል ለመቀነስ የቀረበውን የመነሻ ረቂቅ ተቀበለ።”

የሜይው፦ “የስፔን የሚኒስትሮች ምክር ቤት የሥራ ሰዓትን የሚቀንሰውን የሕግ ረቂቅ ለፓርላማ መራ።”

የሴፕቴምበሩ፦ “የስፔን የተወካዮች ምክር ቤት የሥራ ሰዓት ቅነሳውን ረቂቅ ውድቅ አደረገ።”

አሁን ሦስቱን በተከታታይ የሚያነብ ሰው ታሪኩ አይጋጭበትም። የመጨረሻው ላይ “ቱምባ” የሚለውን “ገረሰሰ” ወይም “ዘረረ” ማለት ያጓጓል፤ ግሡ ዘርሮ መጣል ነውና። ግን የስፔን ርዕስ ጸሐፊ ይህን ቃል የሚመርጠው በዋናነት ስለሚያጥር ነው፤ ከመደጋገሙ የተነሣ ጉልበቱ አልቋል። በአማርኛ “ገረሰሰ” ብሎ ማስገባት ጋዜጣው ያልወሰደውን ወገን እንደ ወሰደ ያስመስለዋል። ስሜቱን ማስቀረት የሚገባው ተናጋሪው ራሱ የተናገረው ሲሆን ነው፤ ለዚህም ምልክቱ ርዕሱ ውስጥ ያለው ጥቅስ ነው። በጥቅስ ያለ ቃል ተናጋሪው ተጠቅሶ፣ ከነክብደቱ መምጣት አለበት።

“ሳይሆን አይቀርም” እና “ተብሏል”

ሁለተኛው ከባድ ነገር እርግጠኝነት ነው። በተለይ በላቲን አሜሪካ ጋዜጦችና በዝውውር ወሬ የተሞሉ የእግር ኳስ ገጾች ላይ “አብሪያ” የሚል ረዳት ግሥ ይበዛል። “ኤል ሚኒስትሮ አብሪያ ኮብራዶ ኮሚስዮኔስ” የሚል ርዕስ ሰዋስውን ብቻ ተከትሎ ቢመለስ “ሚኒስትሩ ኮሚሽን በተቀበሉ ነበር” ይሆናል። ይህ በአማርኛ “አልተቀበሉም” ማለት ነው። ርዕሱ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው፤ እንደ ተቀበሉ ይነገራል፣ ጋዜጣው ግን በራሱ ስም አያረጋግጥም። የስፔን ቋንቋ አካዳሚ ሰዋስው ይህን አጠቃቀም “የወሬ” ግሥ ብሎ ይጠራዋል።

አማርኛ ለዚህ ጥሩ መሣሪያ አለው፤ “ተብሏል”፣ “እየተነገረ ነው”። “ሳይሆን አይቀርም” ግን አይሆንም፤ ያ የጸሐፊው የራሱ ግምት ነው። ርዕሱ ኃላፊነቱን ወደ ምንጩ ገፍቶታል፣ ተርጓሚው መልሶ በራሱ ትከሻ ላይ መጫን የለበትም። ስለዚህ “ሚኒስትሩ ኮሚሽን መቀበላቸው ተነግሯል” ይሻላል፤ ማን እንደ ተናገረ ዜናው ውስጥ ካለ ደግሞ እሱን መጥቀስ ከሁሉ ይበልጣል። በስፖርት ገጽም እንደዚሁ ነው። አንድ ክለብ አንድን ተጫዋች “ፊቻሪያ” ከተባለ “ሊያስፈርመው እንደሚችል ተዘግቧል” እንጂ “አስፈረመ” ወይም “ሊያስፈርም ነው” አይባልም። “ሊያስፈርም ነው” ውሳኔው አልቋል ያሰኛል።

በፍርድ ቤት ዜና ላይ ይህ ጥንቃቄ የሰው ስም ጉዳይ ነው። “ላ ፊስካሊያ ፒዴ 6 አኞስ” ሲባል ዐቃቤ ሕግ የ6 ዓመት እስራት ጠየቀ ማለት ነው፤ ማንም አልፈረደም። “ኢንቬስቲጋዶ” የሚባለው ሰው ገና ምርመራ እየተደረገበት ያለ ነው። ስፔን ይህን ስም በ2015 በሕግ ያስገባችው ቀድሞ የነበረው “ኢምፑታዶ” በሕዝብ ጆሮ “ጥፋተኛ” ስለሚመስል ነበር። “ተከሳሽ” ብሎ መተርጎም ያንን ጥንቃቄ ያፈርሰዋል፤ “ምርመራ የተጀመረባቸው” ማለት ይበቃል።

የጎዳና ስሞችና ቢሊዮን

ቦታ ለመቆጠብ ርዕሶች ተቋምን በአድራሻው ይጠራሉ። “ሞንክሎዋ” የጠቅላይ ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ነው፤ “ፌራስ” የሶሻሊስት ፓርቲው ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኝበት የማድሪድ ጎዳና ነው። “ኼኖቫ” ደግሞ የሕዝብ ፓርቲው ቢሮ ያለበት ጎዳና ሲሆን፣ የጣሊያኗ ጄኖቫ በስፓኒሽ የምትጠራበት ስምም ነው። “ኼኖቫ ከፌራስ ማብራሪያ ጠየቀች” ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ አንባቢውን ወደ ሌላ አገር ይልካል። በአማርኛ የፓርቲው ስም ይጻፋል።

ቁጥር ላይ አንድ ነገር ብቻ መታወስ አለበት፤ የስፓኒሽ “ቢዮን” የእኛ ቢሊዮን አይደለም። እሱ ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን፣ ማለትም የእኛ አንድ ትሪሊዮን ነው። የእኛን አንድ ቢሊዮን እነሱ “ሚል ሚዮኔስ”፣ አንድ ሺህ ሚሊዮን ይሉታል። ስሕተቱን ለመያዝ ቀላሉ መንገድ ቁጥሩን ከሚታወቅ መጠን ጋር ማነጻጸር ነው። የስፔን የመንግሥት ዕዳ ከ1,6 “ቢዮን” ዩሮ በላይ ነው፤ ይህን 1.6 ቢሊዮን ብሎ የጻፈ ሰው ዕዳውን በሺህ እጥፍ አቅልሎታል።

ርዕሱ ብቻ በእጅ ሲኖር

አንዳንድ ጊዜ ዜናው በክፍያ ተዘግቶ ርዕሱ ብቻ ይነበባል። ያኔ ደረጃውን የማያሳይ ግሥን ደረጃ ሰጥቶ መጻፍ አይገባም። “አፕሩዌባ” የትኛው ረቂቅ እንደሆነ ካልታወቀ፣ “የስፔን መንግሥት የሥራ ሰዓትን ለመቀነስ አንድ እርምጃ መውሰዱን የአገሪቱ ጋዜጦች ዘገቡ” የሚለው ርዝመቱ ቢያሰለችም ውሸት የለበትም። ሌላው አማራጭ በዚያው ቀን ሌላ ጋዜጣ የሰጠውን ርዕስ ማየት ነው፤ አንዱ “አፕሩዌባ” ሲል ሌላው “ወደ ኮንግሬስ ይልካል” ካለ ጥያቄው ተመለሰ። ሁለቱም ካልተገኙ “ጸደቀ” የሚለው ቃል ለነገ ይቆይ።