የስልሳ ሰከንድ ዕድሜ ያለው መልስ

አንድ መጻሕፍት የሚሸጥ ድረ ገጽ እንውሰድ። መግቢያው ላይ «በሳምንቱ በብዛት የተሸጡ 20 መጻሕፍት» የሚል ዝርዝር አለ። ይህን ለማውጣት ዳታቤዙ የሰባት ቀን ሽያጭ ሁሉ አገላብጦ በየመጽሐፉ ይደምራል፣ ከዚያም ከብዙ ወደ ጥቂት ይደረድራል። ሥራው 3 ሰከንድ ይፈጃል እንበል። ገጹን በየሰከንዱ 50 ሰው ከከፈተው፣ የመጀመሪያው ድምር ሳያልቅ 150 ያህል ተመሳሳይ ድምሮች ዳታቤዙ ላይ ይከመራሉ። ለሁሉም የሚወጣው መልስ ግን አንድ ነው።

አንዳንዴ መዘግየቱ የሚመጣው ኢንዴክስ ስለጎደለ ብቻ ነው፤ ያኔ ኢንዴክሱን መጨመር ይበቃል። ኢንዴክሱም ኖሮ ጥያቄው ከከበደ፣ የወጣውን መልስ ለጥቂት ጊዜ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይሻላል። ለዚህ ብዙዎች የሚጠቀሙት ሬዲስን ነው። ሬዲስን በ2009 ለሰው ያቀረበው ጣሊያናዊው ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ ሲሆን፣ የድረ ገጽ ጎብኚዎችን በቅጽበት የሚያሳየው አገልግሎቱ በተለመደው ዳታቤዝ አልሄድ ስላለው ነበር የሠራው። ሬዲስ መረጃውን በራም ላይ ስለሚይዝ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊሰከንድ በታች ይደርሳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ፕሮግራሙ መጀመሪያ ሬዲስን ይጠይቃል። ዝርዝሩ ካለ ወዲያው ያሳያል፤ ከሌለ ዳታቤዙን ጠይቆ መልሱን ከዕድሜው ጋር ያስቀምጣል፦

```
SET top20 "..." EX 60
```

መጨረሻ ላይ ያለው `EX 60` ማለት ከ60 ሰከንድ በኋላ ይህ መልስ የለም ማለት ነው። ዝርዝሩ በአንድ ደቂቃ ቢያረጅ የሚጎዳ ሰው የለም፤ የሳምንት ሽያጭ ደረጃ በደቂቃ ውስጥ እምብዛም አይገለበጥም።

ዋጋ ግን እንዲህ አይደለም። 300 ብር የነበረ መጽሐፍ 350 ከሆነ በኋላ ገዢው አሮጌውን ዋጋ ካየ ጠብ ይነሳል። ስለዚህ ዋጋው ሲቀየር በቅድሚያ ዳታቤዙ ይስተካከላል፣ ቀጥሎ ሬዲስ ላይ ያለው ቅጂ በ`DEL price:42` ይሰረዛል። ቀጣዩ ጠያቂ አዲሱን ዋጋ ከዳታቤዙ ይዞ ይመጣል።

ይህም ቢሆን ቀዳዳ አለው። አንድ ገዢ ገጹን ሲከፍት ሬዲስ ባዶ ነበር፤ ፕሮግራሙ ከዳታቤዙ 300ን አነበበ። ያነበበውን ሬዲስ ላይ ሳያስቀምጥ ሥራ አስኪያጁ ዋጋውን 350 አደረገ፣ ስረዛውም ተከናወነ። ከዚያ የዘገየው ፕሮግራም በእጁ የያዘውን 300 አስቀመጠ። አሁን ስረዛው አልፏል፣ ሬዲስ ላይ የተቀመጠው ግን አሮጌው ነው። ይህን የሚያነሣው የዕድሜው ማለቅ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚሰረዝ መረጃም ቢሆን `EX` ሊኖረው ይገባል፤ ክፍያ ሲፈጸም ደግሞ ዋጋው በቀጥታ ከዳታቤዙ መነበብ አለበት።

ሌላም ወጥመድ አለ። አንድ ሰው ዋጋውን በእጁ ለማረም `SET price:42 350` ብሎ ያለ `EX` ቢጽፍ፣ ቀድሞ የነበረው የዕድሜ ገደብ አብሮ ይጠፋል። `TTL price:42` ብሎ ሲጠየቅ ሬዲስ `-1` ከመለሰ፣ መረጃው ማብቂያ የለውም ማለት ነው። `-2` ከሆነ ደግሞ መረጃው ራሱ የለም።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ዕድሜው በሚያልቅበት ቅጽበት የሚመጣው ነው። የ`top20` ስልሳ ሰከንድ ሲሞላ፣ አዲሱ ድምር እስኪወጣ ባሉት 3 ሰከንዶች የሚመጡት 150 ሰዎች ሁሉ ሬዲስን ባዶ ያገኙታል፤ ሁሉም ወደ ዳታቤዙ ይሮጣሉ። እንዲህ ያለ ግርግር ምን ያህል እንደሚጎዳ በመስከረም 2010 (እ.ኤ.አ.) በፌስቡክ ታይቷል። ካሹ ላይ ያለ አንድ የማስተካከያ ዋጋ ልክ እንዳልሆነ የቆጠሩት ኮምፒውተሮች ሁሉ ዳታቤዙን መጠየቅ ጀመሩ። ዳታቤዙ ተጨናንቆ ስሕተት ሲመልስ፣ ስሕተቱንም እንደ መጥፎ ዋጋ ቆጥረው የካሹን ቅጂ ሰረዙት፤ ስረዛው ደግሞ ሌላ ጥያቄ ወለደ። አገልግሎቱ ለ2 ሰዓት ተኩል ያህል ለብዙዎች ተቋረጠ። ማቆሚያው ወደ ዳታቤዙ የሚሄደውን ፍሰት በሙሉ መዝጋት ነበር፤ ለዚህም ድረ ገጹ ራሱ መጥፋት ነበረበት።

መጻሕፍት ሻጩ ይህን የሚያመልጠው ዝርዝሩን ሬዲስ ላይ ለ10 ደቂቃ አስቀምጦ፣ «እስከዚህ ሰዓት ትኩስ ነው» የሚለውን የ60 ሰከንድ ምልክት በውስጡ በመጻፍ ነው። ምልክቱ ካለፈ በኋላ የሚመጡት ሁሉ ይህን ትእዛዝ ይሞክራሉ፦

```
SET lock:top20 1 NX EX 10
```

`NX` ቁልፉ ከሌለ ብቻ ያዝ ስለሚል አንዱ ብቻ ይሳካለታል፤ እሱ ወደ ዳታቤዙ ሄዶ አዲሱን ዝርዝር ያመጣል። እሱ በድምሩ መሃል ቢወድቅ እንኳ ቁልፉ በ10 ሰከንድ ራሱ ይለቀቃል። የቀሩት 149 ሰዎች እስከዚያው የሚያዩት ከደቂቃ በፊት የወጣውን ዝርዝር ነው፤ ዳታቤዙ ላይም ያለው ድምር አንድ ብቻ ነው።