ለአንድ ቃል ስምንት ሳንቲም፤ የየትኛው ቋንቋ ቃል?

«ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉም የኮንትራት ተርጓሚ እንፈልጋለን። ሥራው ከቤት ሆኖ የሚሠራ ነው። የጤና መድን መመሪያ፣ 8,400 ቃል። ክፍያ ለአንድ ቃል 0.08 ዶላር። ርክክብ እስከ ዓርብ 5፡00።»

ይህን ማስታወቂያ ለአብነት ያህል ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ፤ በትርጉም ሥራ የሚተዳደር ሰው ግን መሰሉን ደጋግሞ አይቶታል። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከአሜሪካ የትርጉም ድርጅቶች ነው። ዋሽንግተን ዲሲን ብንወስድ፣ ከተማዋ በ2004 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ባወጣችው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶቿ ብዙ ተገልጋይ ላላቸው ቋንቋዎች ዋና ዋና ሰነዶቻቸውን ማስተርጎም አለባቸው። አማርኛ ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሎች፣ ትምህርት ቤቶችና የመድን ኩባንያዎችም በየበኩላቸው ያስተረጉማሉ። ሰነዱ መጀመሪያ ወደ ትርጉም ድርጅት ይሄዳል፤ ድርጅቱ ደግሞ ሲልቨር ስፕሪንግም ይኑር አዲስ አበባ፣ ሥራውን የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል።

ማስታወቂያው ከብዙዎቹ የተሻለ ነው ማለት ይቻላል። የሥራውን መጠን፣ የክፍያውን መሠረትና የርክክቡን ቀን ተናግሯል። «ዋጋህን ንገረን» ብሎ ተርጓሚዎችን እርስ በርስ አላጫረተም። ያም ሆኖ «ለአንድ ቃል» የሚለው ነገር ሳይጣራ ሥራውን የተቀበለ ሰው ስንት እንደሚከፈለው አያውቅም።

እንግሊዝኛ ለያይቶ የሚጽፈውን አማርኛ አንድ ላይ አጣብቆ ይጽፋል። «ሰነዶችዎን ካላመጡ» የሚለውን ሐረግ እንውሰድ። በአማርኛ ሁለት ቃል ነው። የእንግሊዝኛው ምንጭ ግን ሰባት ቃል ይፈጃል፤ «ከሆነ» የሚለው ስሜት፣ አፍራሹ፣ ረዳት ግሡ፣ «እርስዎ» እና «የእርስዎ» ለየብቻ ይጻፋሉና። «መረጃዎን ለማንም አናጋራም» በአማርኛ ሦስት፣ በእንግሊዝኛ ስምንት ነው። ሁሉም ዓረፍተ ነገር እንዲህ አይጠብም። «ከቀጠሮዎ በፊት እባክዎ በዚህ ቁጥር ይደውሉልን» የሚለው ስድስት ለዘጠኝ ነው። አንዳንዴም፣ በተለይ በሕክምና ጽሑፍ፣ አንድን የእንግሊዝኛ ስያሜ ለአንባቢ ለማስረዳት ሦስትና አራት የአማርኛ ቃል ያስፈልጋል። በድምሩ ሲታይ ግን ወደ አማርኛ የተመለሰ ሰነድ በቃል ብዛት ከምንጩ ያንሳል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ክፍያው በምንጩ ጽሑፍ ቃል ከሆነ 8,400 በ0.08 ተባዝቶ 672 ዶላር ይመጣል። ክፍያው በትርጉሙ ቃል ከሆነና አማርኛው፣ እንበል፣ 5,900 ቃል ከወጣው፣ 472 ዶላር ነው። ሥራው አንድ፣ ድካሙም አንድ፣ ልዩነቱ 200 ዶላር። ማስታወቂያ አውጪው ሆን ብሎ ላይሸሽግ ይችላል። በብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች የሁለቱ ቁጥር ያን ያህል ስለማይራራቅ ጥያቄው ራሱ ላይታየው ይችላል። የአማርኛ ተርጓሚ ግን መጠየቅ አለበት።

በምንጩ ጽሑፍ ቃል መክፈል ሌላም ጥቅም አለው፤ ዋጋው ሥራው ሳይጀመር ይታወቃል። ተርጓሚው አስረዝሞ ቢጽፍ አያተርፍም፣ አሳጥሮና አሳምሮ ቢጽፍም አይቀጣም። በትርጉሙ ቃል የሚከፈለው ሰው ግን «አናጋራም» በማለት ፈንታ «የማጋራት ተግባር አንፈጽምም» እንዲል ገንዘቡ ይጎትተዋል። የአንዳንድ የመሥሪያ ቤት አማርኛ መንዛዛት ከየት እንደመጣ ባላውቅም፣ እንዲህ ያለው የክፍያ ስሌት አይፈውሰውም።

ሥራው ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። ያን ጊዜ በምንጩ ቃል መቆጠር ተርጓሚውን ይጎዳዋል። በዚያ ላይ የልደት ወይም የጋብቻ ምስክር ወረቀት አብዛኛውን ጊዜ ፎቶ ተነሥቶ ስለሚመጣ፣ በእጅ የተሞላና ማኅተም ያረፈበት ስለሆነ የኮምፒውተር ቆጣሪ አያነበውም። የአሜሪካ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሙሉ ትርጉም ይፈልጋል፤ ተርጓሚውም ትርጉሙ የተሟላና ትክክለኛ መሆኑን፣ የመተርጎም ችሎታ እንዳለውም ፈርሞ ያረጋግጣል። ስለዚህ ማኅተሙ ላይ ያለው ጽሑፍ ሳይቀር ይተረጎማል። ለእንዲህ ያለው ሥራ በገጽ ወይም በሰነድ መዋዋል ይሻላል።

ወደ መመሪያው እንመለስ። ድርጅቱ «በምንጩ ቃል ነው» ብሎ መለሰ እንበል። ደስ ያሰኛል፤ ግን 672 ዶላሩ ገና እጅ አልገባም። ብዙ ድርጅቶች የሚሠሩት እንደ ትራዶስ ባለ የትርጉም ሶፍትዌር ነው። ሶፍትዌሩ ቀደም ሲል የተተረጎሙ ዓረፍተ ነገሮችን ስለሚያስቀምጥ፣ አዲሱን ፋይል ከእነሱ ጋር ያስተያይና ቃላቱን ይከፋፍላል፤ ፈጽሞ አዲስ የሆኑ፣ ከድሮው ጋር የሚመሳሰሉ፣ እንዳለ የተደገሙ። አዲሱ ሙሉ ዋጋ ያገኛል፣ ሌሎቹ ቅናሽ ይደረግባቸዋል። ከ8,400ው ውስጥ 5,700ው አዲስ፣ 1,200ው ተመሳሳይ፣ 1,500ው ድግግሞሽ ሆኖ ተገኘ እንበል። ለተመሳሳዩ 60 በመቶ፣ ለድግግሞሹ 25 በመቶ የሚከፈል ከሆነ፣ የሚታሰበው 6,795 ቃል ነው። ክፍያው 543 ዶላር ከ60 ሳንቲም ይሆናል።

ለእውነተኛ ድግግሞሽ ቅናሽ መስጠት ያስማማል። አንድ የስልክ ቁጥርና አንድ ማሳሰቢያ በየገጹ ግርጌ ሲመላለስ ሙሉ ዋጋ ልጠይቅ የሚል የለም። ጥሉ የሚነሣው «ተመሳሳይ» በተባለው ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያመሳስለው እንግሊዝኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር ነው። ለወላጆች በተጻፈ ምክር ውስጥ «ልጁ ትኩሳት ካለው፣ ምግብ ከጠላ ወይም ያለማቋረጥ ካለቀሰ» የሚል ዓረፍተ ነገር ቀድሞ ተተርጉሟል። በአዲሱ ፋይል ልጁ ልጅቷ ሆነች። በእንግሊዝኛው ከአሥራ ሁለት ቃል አንዷ ብቻ ተቀይራለች፤ ለሶፍትዌሩ ያው ዓረፍተ ነገር ነው ለማለት ጥቂት ይቀረዋል። በአማርኛው ግን «ልጅቷ ትኩሳት ካላት፣ ምግብ ከጠላች ወይም ያለማቋረጥ ካለቀሰች» ይሆንና አራት ቦታ ይነካል። አንዷ ብትዘለል ዓረፍተ ነገሩ በወንድ ጀምሮ በሴት ያልቃል። ይህ ስሕተት ሲገኝ ምንጩን መገመት አያዳግትም፤ ተርጓሚው የድሮውን ጽሑፍ ስሙን ብቻ ቀይሮ አልፎታል፣ የሚከፈለውም እንደዚያ እንዲሠራ ነው። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ተርጓሚዎች የቅናሹን ሠንጠረዥ ከፋይሉ ጋር ቀድመው ይጠይቃሉ፤ «ተመሳሳይ» የሚባለውም ከፍ ያለ ዋጋ እንዲያገኝ ይከራከራሉ።

የሥራው ወሰን ላይ ማስታወቂያው አንድ መስመር ብቻ ሰጥቷል። «8,400 ቃል» የሚለው ቁጥር የሚመጣው ከቆጣሪ ነው፤ ቆጣሪ ደግሞ በሥዕልና በሠንጠረዥ ምስል ውስጥ ያለውን ጽሑፍ ይዘለዋል። የመድን መመሪያ የናሙና ካርድ ሥዕል አያጣም። ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ ይተረጎማል ወይ? ተርጓሚው የሚያስረክበው የተተረጎመውን ጽሑፍ ብቻ ነው፣ ወይስ በገጽ ቅንብር የተሰናዳ ሰነድ? ሁለተኛው ከሆነ ሌላ ሙያ ነው። የገጽ አቀናባሪው አማርኛ የማያነብ ሲሆን ደግሞ ፎንቱ የሌለው ፊደል ባዶ ሣጥን ሆኖ ይወጣል፣ ቃል ያለቦታው ይሰበራል፣ ርእስ ከሌላ ክፍል ጋር ይጣበቃል። ስለዚህ ከቅንብር በኋላ አማርኛ አንባቢ አንድ ጊዜ ማየት አለበት። ያ እይታ በቃል አይቆጠርምና በሰዓት መከፈል ይገባዋል። ማስታወቂያው ዝም ካለ፣ «አንዴ ብቻ ተመልከትልን» የሚል መልእክት በነፃ ይከተላል።

የጊዜ ገደቡ ሁለት ችግር አለበት። አንደኛው የአቅም ነው። ጥንቁቅ ተርጓሚ በቀን ከ2,000 እስከ 2,500 ቃል አድርጎ ማቀዱ የተለመደ ነው። 8,400 ቃል አራት ቀን ያህል ይፈልጋል፤ የራስን ሥራ አሳድሮ ለማንበብ አንድ ቀን ይጨመር። ሰኞ ጠዋት ፋይሉን ላገኘ ሰው ዓርብ ይደርሳል፤ ረቡዕ ላገኘ ግን ርክክቡ የሚሳካው ሥራው ለሁለት ሰው ከተከፈለ ወይም ንባቡ ቀርቶ ትርጉሙም ከተጣደፈ ነው። ለሁለት ሲከፈል ደግሞ አንዱ ያልተሟላውን የሕክምና ወጪ ክፍያ «ቅድመ ክፍያ»፣ ሌላው «የጋራ ክፍያ» እያለ ሊተረጉመው ስለሚችል፣ የጋራ የስያሜ ዝርዝር ከመጀመሪያው ቀን መያዝ አለበት።

ሁለተኛው የሰዓት ነው። «ዓርብ 5፡00» የየት አገር ሰዓት ነው? ዋሽንግተን ካለ የከሰዓት በኋላ 5፡00 በበጋቸው ወራት አዲስ አበባ ላይ እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። በክረምታቸው ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ 7 ሰዓት ይሆናል። ያንኑ 5፡00 እንደ አገራችን አቆጣጠር ያነበበ ሰው ከረፋዱ 5 ሰዓት ያስረክብና ግማሽ ቀን በከንቱ ያጣል፤ አለዚያም ከምሽቱ 5 ሰዓት ብሎ ይጠብቃል። ይህኛው በዕድል አይዘገይም። ድርጅቱ ያለው ለንደን ቢሆን ግን በዚሁ ንባብ ይዘገያል። መፍትሔው ከተማውን፣ ቀኑንና «ከሰዓት በኋላ» የሚለውን ጠይቆ በጽሑፍ መያዝ ነው።

ክፍያው መቼ እንደሚደርስ ማስታወቂያው ጨርሶ አልነገረንም። «በ30 ቀን» የሚለው የተለመደ መልስም ሁለት መንገድ አለው። የክፍያ መጠየቂያውን ጁላይ 3 ለላከ ሰው፣ ከመጠየቂያው ቀን የሚቆጠር ከሆነ ገንዘቡ ኦገስት 2 ይደርሳል፤ ከወሩ መጨረሻ የሚቆጠር ከሆነ ግን ኦገስት 30 ነው። «ደንበኛችን ሲከፍለን» የሚል መልስ ከመጣ ቀኑ በማንም እጅ የለም፤ እኔ እንዲህ ያለውን ውል አልመክርም። ከተስማማው በላይ ገንዘብ የጻፈ ቼክ ልኮ «ትርፉን መልስልን» የሚል ደግሞ ደንበኛ ሳይሆን በተርጓሚዎች ዘንድ የታወቀ አጭበርባሪ ነው። ቼኩ መጀመሪያ የተቀበለው ይመስላል፤ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ ባንኩ ሐሰተኛ መሆኑን ሲደርስበት፣ የተመለሰው «ትርፍ» ከተርጓሚው ኪስ የወጣ ሆኖ ይቀራል።